ከታችኛው መደርደሪያ የወጣው ወይን ጠጅ

አክስቴ ጨርቅ የምትሸጠው በስልኳ ነው። ጣቃውን ቢጫ አምፖል ሥር ትዘረጋና ፎቶ ታነሳለች፤ ከዚያ "ትንሽ ይድመቅ" ብላ ቀለሙን በጣቷ ትጎትተዋለች። ገዢ ደውላ "ይሄ እኮ ያየሁት አይደለም" ስትላት፣ "ዓይንሽን ታዪ" ብላ ትዘጋለች። እኔ ሱቁ ጥግ ላይ ስሰፋ እየሰማሁ እቃጠላለሁ።

አንድ ልጇን ልትድር ነው። ከሙሽራው እናት ጋር በአዳራሽ ምርጫ ተጣልተው ከርመዋል። በመጨረሻ ሴትዮዋ፣ "ሁለታችን አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ እንልበስ" ብላ ከራሷ ቀሚስ ቁራጭ ላከች። አክስቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ቀለሙን ከሳተችው ግን ሴትዮዋ ንቀት ነው የምትለው፤ ፀቡም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ስልኳ ላይ ያሉትን የራሷን ጨርቆች አገላበጠች፤ ወይን ጠጅ የለም። ከሌላ ነጋዴ አዘዘች። የመጣው ቡናማ ነበር።

"ሌባ!"

"ሌባ አይደለም፤ እንዳንቺው ነው" አልኳት። "መብራቱ ቀለም ይቀይራል፣ ካሜራው በራሱ ግምት ያስተካክላል፣ ያንቺ ስልክ ደግሞ በራሱ ያደምቃል። ናሙና አስልኪ።"

ናሙና ጠየቀች። ነጋዴው የናሙናውን ፎቶ ላከላት። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሷ ግን ስልኩን ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

ሌሎች ሦስት ነጋዴዎች እውነተኛ ቁራጭ ላኩ። ከሴትዮዋ ቁራጭ ጎን አድርገን በር ላይ፣ በቀን ብርሃን አየናቸው፤ ሁለቱ ቁጭ እሱን ናቸው። ሠርጉ የማታ ስለሆነ አዳራሹ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ቢጫ አምፖል ሥርም አስገባናቸው። አንዱ ወዲያው ቡናማ ሆነ። የቀረው አንድ ብቻ ነው። ደወለች።

"አልቋል እመቤቴ።"

አክስቴ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። "በቃ፣ ልጄን አጣላኋት" ብላ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት ስለማላውቅ አንጀቴን በላችው።

የሴትዮዋን ቁራጭ ይዤ በየመደርደሪያው መዞር ጀመርኩ። ከታች፣ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ በላስቲኩ የታሰረ ጣቃ ነበር፤ "የዝገት ቀለም" ብላ ስልኳ ላይ ለጥፋ አንድም ሰው ያልገዛት። ፈታሁትና ቁራጩን አስጠጋሁ። በር ላይ አወጣሁት፣ አምፖል ሥር መለስኩት። በሁለቱም አልተለየም።

አክስቴ ስልኳን አየች፣ ጣቃውን አየች።

"ይሄን ዝገት አድርጎ ያነሳው ማነው?"

"አንቺ ነሻ!"

ጨርቋን በዓይኗ ሳይሆን በስልኳ ነበር የምታውቀው።

የሠርጉ ማታ ሁለቱ እናቶች በሩ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። ሴትዮዋ የአክስቴን እጅጌ ከራሷ ጋር አስተያየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ከየት አገኘሽው?"

"አንቺን ለመምሰል ስንት ቦታ እንዳፈላለግኩ ብታውቂ!" አለች አክስቴ።

ተቃቀፉ። አክስቴ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ ሆና፣ "ትንፍሽ ትይና!" በሚል ዓይን አየችኝ።