ሁለቴ የተዛወረው እንሰት

ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ባለው የጠበቃ ዘርአብሩክ ቢሮ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስል ነበር። የስልክ ምክክሩ በደንበኛዋ ፈቃድ ተቀድቷል። ረዳቱ አቢጋኤልም ቅጂውን አንድ ጊዜ ሰምታ ለደንበኛዋ የሚላከውን ማጠቃለያ ጽፋለች። ገጹ ምክር፣ ሥጋትና ቀጣይ እርምጃ በሚሉ ርእሶች ተከፍሏል። ከሥጋት ሥር «ክስ ለማቅረብ ገና አንድ ዓመት አለ» ይላል። የቀረው መላክ ብቻ ነው።

ደንበኛዋ ወይዘሮ ገነቴ የሚኖሩት ከጊምቢቹ ወጣ ብሎ ነው። ጎረቤታቸው ሆሴዕ አጥራቸውን ነቅሎ ከጓሯቸው ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ መሬት ይዞባቸዋል። ሽማግሌዎች ደጋግመው ተቀመጡ፤ ገና አልጨረሱም።

አቢጋኤል አንድን ቅጂ ሁለት ጊዜ ትሰማለች። በመጀመሪያው ጠበቃውን ትከተላለች፤ በሁለተኛው ደንበኛውን። ማዳመጫውን ስታደርግ የመናኸሪያው ጩኸት ራቀ። ከወይዘሮ ገነቴ ድምፅ ጀርባ ዝናብ የሚመስል ነገር ይንሿሿል። በጥር ዝናብ ከየት መጣ? ቆይታ ነው ሴትዮዋ ጓሮ ቆመው እንደሚያወሩ፣ የሚሰማትም የእንሰት ቅጠል እንደሆነ የገባት። ዓይኗን ጨፈነች። ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች በላይዋ ተዘረጉ፤ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ፊቷ ላይ ወረደ።

«መቼ ነው የገባብዎ?» አለ የጠበቃው ድምፅ።

«ጥር ላይ ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲህ አንድ ዓመቱ ነው። ይዞታዬ ይመለስልኝ ብሎ ለመክሰስ ሕጉ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ካለፈ በዚህ መንገድ መክሰስ አይቻልም፤ ሽምግልና መቀመጥም ጊዜውን አያቆመውም። ለአሁኑ ጊዜ ስላለ ግን ሽማግሌዎቹ ይጨርሱ።»

«እሺ፣ እሺ። ሰውየው እኮ ደፋር ነው! ድንበሬ ላይ የእንሰት ጉቶ ቀበረ፤ ቡቃያው ሲወጣ አዛወረ፤ ይኸው ሰሞኑን ደግሞ ሁለተኛ አዛወረው። እንዴት እንደሚንከባከበው! ምነው ሚስቱን እንዲህ በያዛት!»

ጠበቃው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ወሬው ወደ ምስክሮች አለፈ።

አቢጋኤል ግን እዚያው ጓሮ ቀረች። በሕልም እንደሚታይ ሁሉ ጊዜው ዓይኗ ሥር ፈሰሰ። ጉቶው አፈር ገባ፤ ዙሪያውን ቡቃያ አጎነቆለ፤ ዓመቱ ዞሮ ሌላ መደብ ላይ ተተከለ፤ ዓመት ሊዞር ሲል እንደገና ተነቅሎ ራቅ ራቅ ብሎ ቆመ። ዓይኗን ገለጠች። እንሰት አንድ መደብ ላይ ዓመት ያህል ሳይቆይ አይዛወርም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ አይሆንም።

ማጠቃለያውን አልነካችውም። ቅጂውን ይዛ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

«ጋሽ ዘርአብሩክ፣ እዚች ጋ አንዴ ይስሙልኝ።»

ሰማው። «ሳቁ አዘናጋኝ» አለ ፊቱ ጠቁሮ። «ደውይላቸው። ቀን ግን እንዳትጠቁሚያቸው፤ እሺ ነው የሚሉሽ።»

እሱም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች። «እማማ ገነቴ፣ ሆሴዕ የገባ ሰሞን ቤትዎ ምን ነበር?»

«ምን ነበር ትያለሽ? የልጄ የማራኪ ሰርግ ነዋ! እኛ ስንዘምር እሱ ይቆፍራል።»

«ሰርጉ መቼ ነበር?»

«ካቻምና፣ ጥር ሃያ አምስት። አንቺ አልተጠራሽም እንዴ?»

ዘርአብሩክ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየ። ያለው ጊዜ ዓመት ሳይሆን የዚሁ ጥር ጥቂት ቀናት ነው። «እማማ፣ አሁኑኑ መክሰስ አለብን። ስህተቱ የኔ ነው፤ የትኛው ጥር ብዬ አልጠየቅሁም።»

«አይሆንም! ሽማግሌዎቹ ለፋሲካ ቀጥረውናል። ከጀርባቸው ፍርድ ቤት ከሄድኩ በምን ፊቴ አያቸዋለሁ?»

«ከጀርባቸው አይደለም፤ ነግረዋቸው ይሄዳሉ። ሽምግልናው ይቀጥላል። ከታረቃችሁ ፍርድ ቤቱን አስፈቅደን ክሱን እናነሳለን።»

ወይዘሮ ገነቴ ንግግራቸውን ወደ አቢጋኤል መለሱ። «እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ፣ ልጄ። ማራኪ ለሽማግሌዎቹ ታነብላቸዋለች።»

አቢጋኤል አዲስ ገጽ ጀመረች። «ምክር፦ ሽምግልናውን ሳያቋርጡ ይዞታዎ እንዲመለስ ይክሰሱ። ሥጋት፦ እስከ ጥር ሃያ አምስት ካልከሰሱ በዚህ መንገድ የመጠየቅ መብትዎ ይቀራል። ሽማግሌዎች ፊት የእርቅ ወረቀት ከፈረሙም ይጸናብዎታል፤ ሳናነበው አይፈርሙ። ቀጣይ እርምጃ፦ ለሽማግሌዎቹ ዛሬ ይንገሩ፤ የይዞታ ደብተርዎንና አጥሩ ሲነቀል ያዩ ሰዎችን ስም ይዘው ነገ ይምጡ።» ጠበቃው አንብቦ አጸደቀው። ከዚያ በስልክ ቀስ ብላ አነበበችላቸው፤ እሺ ሲሏት አልበቃትም፤ በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሯት አደረገች።

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌዎች ወይዘሮ ገነቴን አጅበው መጡ። ክሱ በወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ሲከፈትለት ሁለቱ ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።