የዘጠና ቀን ወለድ

እትዬ ወለዱን ያሰላችው ረቡዕ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትቀምስ፣ ደሟ ፈልቶ ነው። ከባንክ የደወለላት ሰው በጣም ትሑት ነበር፤ ያናደዳትም ትሕትናው ነው። «የዓርቡ ክፍያ ካልገባ በመያዣነት ያስመዘገቧቸውን መኪናዎች በተመለከተ እንነጋገራለን» አላት። መኪናዎች ያለው የስፌት ቤቷን መኪናዎች ነው። አስራ አንድ ናቸው። ሰባት ሠራተኛ እንጀራውን ከነሱ ላይ ያገኛል።

ስልኩን ስትዘጋ ግን የተቆጣችው በባንኩ ሰው አልነበረም። የባንክ ዕዳ ውስጥ የገባችው በአንድ ደንበኛዋ ሆቴል ምክንያት ነው። የአራት መቶ ሺህ ብር አንሶላና የትራስ ልብስ ሰፍታ አስረክባ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ብቻ ከፍለዋት ቀሪውን ዛሬ ነገ ይሏታል። ጨርቁን የገዛችበትን፣ ደሞዝ የከፈለችበትን ተበድራ፣ እነሱ ባዘገዩት ገንዘብ እሷ ወለድ ትከፍላለች።

የመኪናውን ሽፋን ገልብጣ እንደ ጠረጴዛ ተጠቀመችበት፣ ካልኩሌተሩን ጎትታ ኢንቮይሱን ዘረጋች። ከግርጌው ሒሳብ ያዥዋ የጻፈላት አዲስ አንቀጽ አለ፤ ሆቴሉም በትዕዛዙ ውል ላይ ያንኑ አንቀጽ ፈርሞበታል። ክፍያው በሰላሳ ቀን ካልተፈጸመ ባልተከፈለው ሒሳብ ላይ በዓመት አስራ ስምንት ነጥብ ሃያ አምስት በመቶ ይታሰባል ይላል። በቀን ሲሆን ከሺህ ብር ሃምሳ ሳንቲም። ኢንቮይሱ ላይ ከሰፈረው ቀን እስከ ዛሬ ቆጠረች፤ መቶ ሠላሳ ስድስት ቀን። በአራት መቶ ሺህ አባዛችው። ሃያ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። አልበቃትም። ባለፈው ዓመትም መቶ ሰማንያ ሺህ ብር መቶ ቀን አዘግይተውባት እንደነበር ትዝ ሲላት የዚያንም ዘጠኝ ሺህ ደመረችበት። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችና ፈረመች።

«ሒሳብ ያዡ እስኪመጣ አትጠብቂም?» አላት ቆራጩ፣ መቀሱን ከጨርቁ ሳያነሳ። ሽማግሌ ነው፣ ከእሷ በፊት ለአባቷ ይቆርጥ ነበር።

«የሚጠበቀውን ሁሉ ጠብቄያለሁ፣ ጋሼ።»

የሆቴሉ ፋይናንስ ኃላፊ ቢሮ ከኩሽናው ጀርባ፣ በጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሲጨርስ ፈገግ አለ። እትዬ ፈገግታውን ስታይ አንድ ነገር እንደተበላሸ ገባት።

«ቁጭ በይ እንጂ እህቴ። ይሄ ሁለተኛው መስመር ምንድን ነው?»

«የአምናው አንሶላ ነው። መቶ ቀን አዘግይታችሁ ነው የከፈላችሁት።»

«አምና ስለ ወለድ የተፈራረምነው ነገር አለ?»

እጇን ወደ ወረቀቱ ሰደደች፤ ኃላፊው አልለቀቀውም።

«እሺ። ወደ አንደኛው ልምጣ።» ከመሳቢያው የርክክብ ሰነዱን አወጣ። «ኢንቮይስሽ ከተጻፈ ስንት ቀን ቆይቶ ነው አንሶላው ስቶራችን የገባው? አስራ ስድስት። እንግዳ ሳይተኛበት፣ እኛ ራሱ ሳናየው፣ ያኔ ጀምሮ ወለድ ቆጥረሻል። የሰላሳ ቀኑስ? የመቶ ሃምሳ ሺህ ብራችንስ? እሱንም እንዳልከፈልን አድርገሻል።»

«ቢሆንም አዘግይታችኋል።»

«ማን ካደ? ግን በዚህ ወረቀት ፋይሉ አከራካሪ ሆኗል። አከራካሪ ፋይል ለኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው ደግሞ በወር አንዴ ነው የሚሰበሰበው።» መነጽሩን አወረደ። «ዓርብ የባንክ ቀንሽ እንደሆነ ባለፈው ራስሽ ነግረሽኛል። አንድ ነገር ላድርግልሽ። ወለድ አልጠይቅም ብለሽ እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺሁን ነገውኑ አስወጣልሻለሁ።»

የሚፈረመው ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር። እትዬ ይህን ልብ አለች። እሷ ሳትሳሳትም ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

«ነገ እመለሳለሁ» አለችና ወጣች።

ስፌት ቤቱ ስትደርስ ሒሳብ ያዡ ገብቷል። የታናሽ እህቷ ባል ነው፤ ሠራተኞቹ «ነጥብ» ይሉታል፣ ከነጥብ በኋላ ያለችን ሳንቲም ሳይቀር እስኪያገኝ ከወንበሩ ስለማይነሳ። የሆነውን ስትነግረው ያኮረፈ ይመስል አቀርቅሮ ወረቀቱን ያይ ጀመር።

«እትዬ፣ ቀኑን ከየት አመጣሽው?»

«ከኢንቮይሱ ነዋ። ከሰማይ አወረድኩት ልትለኝ ነው?»

«ኢንቮይሱን መቼ ነው የምንጽፈው?»

መልሱን ሁሉም ያውቁታል። በዚህ ቤት ኢንቮይስ የሚጻፈው ጨርቁ የሚቆረጥ ዕለት ነው። ቆራጩ የኢንቮይሱን ቁጥር በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ካላሰረ የአንዱ ደንበኛ ትራስ ከሌላው ይደባለቃል፤ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ነው የተሠራው። አንድም ቀን ጎድቷቸው አያውቅም፤ በኢንቮይሱ ቀን ላይ የሚቆጠር ነገር ኖሮ አያውቅምና።

«እኔን እንዳታዩኝ» አለ ቆራጩ። «እኔ ቁጥር ነው የጠየቅሁት፣ ቀን ማን ጠየቀ።»

«ማንም አላየህም፣ ጋሼ።»

«እያየሽኝ ነው እኮ።»

እያየችው ነበር። ፊቷን መለሰች፤ ከዚያ በነጥብ ላይ ዞረች። «አንተ አይደለህ አንቀጹን የጻፍከው? ከመቼ እንደሚቆጠር ለምን አልጻፍክም?»

«ጽፌያለሁ።» ጣቱን ኢንቮይሱ ግርጌ ላይ አሳረፈ። ደቃቅ ፊደል ነው፤ «ሰላሳው ቀን ከርክክቡ ይቆጠራል፤ ወለዱ ሰላሳው ቀን ባበቃ ማግስት ይጀምራል» ይላል። እትዬ አነበበችው። ሁለተኛ ጊዜም አነበበችው። ባይኖር ይሻላት ነበር።

ነጥብ ባዶ ወረቀት አወጣ። «የአምናው ይውጣ። ያልተስማሙበትን ወለድ ወደ ኋላ ሄደን አንጭንባቸውም። ርክክቡ በአስራ ስድስተኛው ቀን ነው፣ ሰላሳ ስንጨምር አርባ ስድስት። ዛሬ መቶ ሠላሳ ስድስተኛው ነው። ያዘገዩት ዘጠና ቀን ነው።»

«ዘጠና።»

«በዘጠናውም ሙሉውን አላዘገዩም። ወለዱ መቆጠር በጀመረ በአርባኛው ቀን መቶ ሃምሳ ሺህ ከፍለዋል። ስለዚህ አርባ ቀን በአራት መቶ ሺህ ላይ፣ በቀን ሁለት መቶ ብር፤ ስምንት ሺህ። የቀረው ሃምሳ ቀን በሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ፣ በቀን መቶ ሃያ አምስት፤ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ። በጠቅላላው አስራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ።»

«በቃ?» አለች። «ይሄው ነው? እዚያ ኮሪደር ውስጥ ስድስት ጊዜ የተገተርኩትስ? የልጆቹን ደሞዝ አንድ ሳምንት ያሳደርኩትስ? ለማንም ሰው ያላሳየሁትን ፊት ለባንክ ያሳየሁትስ?»

«እሱ ኢንቮይሱ ላይ መግቢያ የለውም፣ እትዬ። ወለዱ ያቆዩት ገንዘብ ዋጋ እንጂ ቅጣት አይደለም።»

«ቅጣት ነው የምፈልገው።»

«አውቃለሁ። እሱም አውቋል፣ ለዚህ ነው ፈገግ ያለው።»

እጇ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የክር ጥቅል መታው፤ ጥቅሉ ተንከባሎ ከቆራጩ እግር ሥር ገባ። ሰፊዎቹ መኪናቸውን አላቆሙም፤ ጆሯቸው ግን እዚህ እንደሆነ ስፌታቸው ከመፍጠኑ ያስታውቃል። መፈረም ትችላለች። ዋናውን ይዛ ባንክ ትገባለች፣ መኪናዎቹ ይተርፋሉ፣ ሆቴሉም ደንበኛዋ ሆኖ ይቀጥላል።

«በነዚህ ወራት ለባንክ የከፈልኩት ወለድ ስንት ነው?» አለች።

ነጥብ መዝገቡን ገለጠ። «አስራ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ።»

«ብፈርምለት እሱን ከኪሴ ለሆቴሉ መክፈሌ ነው።»

«መክፈልሽ ነው።»

«ጻፈው» አለች። «የትናንቱን፣ ማለቴ የጠዋቱን ስሌት መሰረዛችንንም ጻፍ። ስህተቱ የኔ ነው በልበት። የርክክቡንና የቼካቸውን ቅጂ አያይዝ። ነገ ስለምወስደው አንድ ቀን ጨምር።»

«አስራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰባ አምስት» አለ ነጥብ፣ ካልኩሌተሩን ሳይነካ።

በማግስቱ ኃላፊው አዲሱን ወረቀት ሲያነብ ፈገግ አላለም። የርክክቡን ማኅተም አየ፤ የራሳቸው ስቶር ማኅተም ነው። የቼኩን ቀን ከራሱ መዝገብ ጋር አመሳከረ። ቀኖቹን በእርሳስ ጫፍ ቆጠረ፣ ሁለት ጊዜ።

«ስህተትሽን አምነሻል» አለ።

«አምኛለሁ። አሁን ደግሞ እዚህ ላይ የሚያከራክረውን መስመር ጻፍልኝና ፈርምበት። ለኮሚቴው እሱን ይዤ እቀርባለሁ።»

እስከ ትናንት እርስዎ ትለው ነበር። ልዩነቱን ሰማው፤ እርሳሱን አስቀመጠ።

«እኛ ለማንም አቅራቢ ወለድ ከፍለን አናውቅም፣ እህቴ።»

«ፈርማችሁም አታውቁም ነበር። ዘንድሮ ፈረማችሁ።»

«ይሄን ካስከፈልሽን ቀጣዩን ትዕዛዝ ሌላ ሰፊ ይወስደዋል። ይሄንን አስበሽበታል?»

አስባበታለች። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው እሱን ነው። የሆቴሉ ሥራ የቤቱ ገቢ እኩሌታ ነው።

«ይውሰደው» አለች። «እሱም በሰላሳ ቀን ይከፈለው እንደሆነ እናያለን።»

ኃላፊው ኮሪደሩ ውስጥ እንድትጠብቅ ነገራት። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቀች። የኩሽናው ሰዎች ድስት እየገፉ አለፉ፣ አንዷ ወንበር አምጥታላት እምቢ አለች። ንዴቷ ከትናንት አልቀነሰም፤ አሁን ግን የሚይዘው ነገር አግኝቷል።

ሲጠራት ሁለት ቼክ ተፈርሞ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ። ሁለተኛውን አንስታ አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አስራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል። የትናንቱ ነው።»

«መቶ ሃያ አምስት ብር ነው እኮ ልዩነቱ።»

«አንድ ቀን ነው።»

«ቼኩ ተፈርሟል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሊወጡ ነው። በመቶ ሃያ አምስት ብር እንዴት ተመልሼ ልግባ?»

«አርባ ስድስት ቀን ጨምሬባችሁ ስመጣ ትናንት አንድ በአንድ ቆጥረህ መለስክልኝ» አለች። «ልክ ነበርክ። ቆጥረህ መለስክ፣ እኔም አስተካክዬ መጣሁ። አሁን አንተ አስተካክል።»

የመጀመሪያውን ቼክ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ኃላፊው ትንሽ አያት፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቼክ በአግድሞሽ አሰመረበትና የቼክ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣ።

«ቁጭ በይ» አለ፣ ቀና ሳይል።

እትዬ በሩ ላይ እንደቆመች ጠበቀች።