አስቀድሞ የተከፈለው ቀብድ

የዋጋ ማቅረቢያው ደብዳቤ ለፍሬሕይወት የደረሳት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቡታጅራ ትምህርት ቤቷ መምህራን ክፍል ተቀምጣ የዘጠነኛ ክፍል የኬሚስትሪ ፈተና ስታርም ነው። እጮኛዋ ዮናታን «አትቸኩዪ፣ እኔው አሳትሜ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። እሷ ግን እስከ ቅዳሜ የሚያስጠብቅ ነገር አልታያትም። የቪዲዮ ባለሙያውን የሙባሪክን ቴሌግራም ፈልጋ «ለእኔም ላክልኝ» ብላ ጻፈችለት። ሰውየውም ሳያንገራግር ላከላት።

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው፤ ንጹሕና ሥርዓት ያለው።

«ለአቶ ዮናታን ገዛኸኝ እና ለወ/ሪት ፍሬሕይወት ያሬድ። ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ለሚፈጸመው ጋብቻችሁ የሚከተሉትን ሦስት ፓኬጆች አቅርቤያለሁ» ይላል። አንደኛው በአንድ ካሜራ የቤተ ክርስቲያንና የግብዣው ቀረጻ፣ አርባ ሺህ ብር። ሁለተኛው በሁለት ካሜራ ከሙሽሪት ቤት ጀምሮ፣ ከአልበም ጋር፣ ስድሳ አምስት ሺህ። ሦስተኛው የመልሱን ቀን ጨምሮ ዘጠና አምስት ሺህ። ድሮን ፈቃድ ስለሚጠይቅ በዋጋው ውስጥ አልተካተተም። አጭሩ ቪዲዮ በዐሥር ቀን፣ ሙሉው ፊልም በአርባ አምስት ቀን ይረከባል። ከርክክብ በኋላ ያልተቆረጠው ቀረጻ ለስድሳ ቀን ብቻ ይቀመጣል። የክፍያው ሁኔታ አርባ በመቶ ውል ሲፈረም፣ አርባ በመቶ በሠርጉ ዋዜማ፣ ቀሪው ፊልሙን ሲረከቡ። ቀብድ አይመለስም፤ ነገር ግን በተዋዋዮቹ ስምምነት ወደ ሌላ ቀን ሊዛወር ይችላል። ዋጋው ለዐሥራ አምስት ቀን ይጸናል።

ከፊርማውና ከማኅተሙ በላይ ደግሞ አንዲት መስመር አለች። «ቀብድ ብር 18,000 ገቢ ሆኗል፤ ከምትመርጡት ፓኬጅ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።»

ፍሬሕይወት ቀይ እስክሪብቶዋን ከጣቷ ሳታወጣ ይህችን መስመር ደጋግማ አነበበቻት። ገና ፓኬጅ አልመረጡም። ውል አልፈረሙም። ዮናታን ራሱ «ሦስት ሰው አወዳድረን ነው የምንወስነው» ብሏታል። ታዲያ ማን ከፈለ? የፈተናውን ወረቀት ገልብጣ ጀርባው ላይ አሰላችው። የአርባ ሺህ አርባ በመቶ ዐሥራ ስድስት ሺህ ነው። የስድሳ አምስቱ ሃያ ስድስት። የዘጠና አምስቱ ሠላሳ ስምንት። ዐሥራ ስምንት ሺህ ከአንዱም ጋር አይገጥምም።

ማታ ለዮናታን ደወለችለት።

«የቪዲዮውን ደብዳቤ አየሁት» አለችው።

«የት አየሽው?»

«ልጁ ላከልኝ።»

«አይ ሙባሪክ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ከቃሉ ወደ ኋላ ቀርቶ መጣ። «እኔ እኮ ቅዳሜ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር።»

«ቀብድ ገቢ ሆኗል ይላል።»

«አዎ፣ ባለፈው ሳምንት ሰጠሁት። ጥር ላይ ሰው አይገኝም፣ ቀኑን እንዳይወስዱብን ብዬ። ቅር አለሽ እንዴ የኔ ቆንጆ?»

«ለምን ዐሥራ ስምንት?»

«በእጄ የነበረው እሱ ነዋ! ነጋዴ ነኝ እኮ፣ ደሞዝ አልጠብቅም።»

ሳቀች፤ ሳቋም አልቆየም። ዮናታን ወልቂጤ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ከተዋወቁ ዘጠኝ ወራቸው ነው፤ በመዘምራን ጉባኤ ላይ ነው የተገናኙት። ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ልኮ ተፈቀደለት። ከእሷ በፊት ቀለበት ሊያስርላት ያሰባት ሴት እንደሌለች በራሱ አፍ ነግሯታል። እሷም አምናዋለች። ለማመን ደግሞ ቸኩላ አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ጠብቃለች።

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ለሙባሪክ ደወለችለት።

«ሰላም ነው እህቴ፣ ደብዳቤው ተመቻችሁ?» አለ ልጁ በፍጥነት።

«ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ያ ቀብድ...»

«እሱን ተዪው! እሱ ስሕተት ነው። እኔ ደብዳቤ የምጽፈው የድሮውን ከፍቼ ስምና ቀን እየቀየርኩ ነው። የሌላ ሙሽሮች መስመር ሳላጠፋው ቀርቶ ነው። አስተካክዬ ማታ እልክልሻለሁ።»

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

ፍሬሕይወት ስድስት ዓመት አስተምራለች። ተማሪዎች ሲኮራረጁ መልሳቸው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ስሕተቱ ሳይቀር። ሳይመካከሩ የዋሹ ጊዜ ግን መልሱ ለየቅል ነው። አንደኛው «ባለፈው ሳምንት ከፈልኩ» ይላል፣ ሌላው «ማንም አልከፈለም» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሁለቱም ሐሰት ሊሆኑ ግን ይችላሉ።

ለእናቷ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ አልነገረቻቸውም። «ወልቂጤ የሠርግ ቀሚስ አይቼ ልመጣ ነው» ብላ ዓርብ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈረች። እናቷ በር ድረስ ሸኝተዋት ፊቷን አዩ። የሠርግ ጭንቀት ይሆናል ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሙባሪክ ስቱዲዮ የለውም። ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ነው የሚሠራው። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ በማራገቢያ እየተነፈሰ ቆሟል፤ ስክሪኑ ላይ የማታውቃቸው ሙሽሮች ቆመው ቀርተዋል። ሙባሪክ ሃያ ሰባት ቢሆነው ነው። ሲያያት ወንበሩን ለቀቀላት።

«ዮናታን ያውቃል መምጣትሽን?»

የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ መሆኑን ልብ አለች።

«ምን አገናኘው? ደብዳቤው ለሁለታችን ነው የተጻፈው» አለችው። «ሙባሪክ፣ ዮናታን ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ ብሎኛል።»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«አንተ ደግሞ የሌላ ሰው ነው አልከኝ። አሁን ሦስተኛ ነገር ልትነግረኝ ካሰብክ አትድከም፤ ደረሰኙን ብቻ አሳየኝ።»

«እህቴ፣ እኔ በሰው ትዳር መሐል ምን አገባኝ?»

«እኔ ፈራሚ ነኝ። ስሜ ያለበትን ወረቀት ሳላውቅ ልፈርም?»

ሙባሪክ አንገቱን አከከ። ማራገቢያው ይጮሃል። «ወላሂ ተሳስቼ አይደለም የጻፍኩት» አለ በመጨረሻ። «እኔ የተቀበልኩትን ብር ሳልጽፍ አልቀርም፤ ነገ ሰው ቢጠይቀኝስ? እሱ ነው ረቡዕ ደውሎ "ስሕተት ነው በላት" ያለኝ።»

«ረቡዕ መቼ?»

«ጠዋት። አንቺ ከመደወልሽ በፊት።»

ዮናታን ነገሩን ሊያስተካክል ፈልጎ ነው ማለት ነው፤ ማክሰኞ ማታ ለእሷ የነገራትን ግን ረስቶ፣ ወይም ለልጁ ሳይነግረው። ሙባሪክ መሳቢያውን ከፈተና ከክላሰር ውስጥ አንድ የቆየ ደብዳቤ አወጣላት። ያው ማኅተም፣ ያው ሦስት ፓኬጅ፤ ዋጋው ብቻ ያንሳል። «ለአቶ ዮናታን ገዛኸኝ እና ለወ/ሪት ሊዲያ ሽባባው» ይላል። የተጻፈው ጥቅምት 2017 ነው፣ ሠርጉ ለሚያዝያ። መሐለኛው ፓኬጅ አርባ አምስት ሺህ ብር ነበር፤ አርባ በመቶው ዐሥራ ስምንት ሺህ። ከሥር ሁለት ፊርማ አለ። የባንክ ማስተላለፊያው ወረቀት በስቴፕለር ተያይዟል፤ የላኪው ስም ሊዲያ ሽባባው።

ፍሬሕይወት ወረቀቱን በጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሌላ ሴት መኖሯ አልነበረም ያስደነገጣት። ያ ቢነገራት ኖሮ አንድ ምሽት አልቅሳ ታልፈው ነበር።

«እሷ ናት የከፈለችው» አለች።

«አዎ። ጥር ላይ ተለያዩ። መስከረም ላይ ዮናታን መጥቶ "ተስማምተናል፣ ቀብዱን ወደ አዲሱ ቀን አዛውረው" አለኝ። ውሉም ይፈቅዳል።»

«በተዋዋዮቹ ስምምነት ነው የሚለው። እሷን ጠየቅካት?»

«የሱን ቃል አምኜ...» ብሎ አቀረቀረ። «አልጠየቅኋትም።»

«ደውልላት።»

«አሁን?»

«አሁን። ድምፁን ክፈተው። እኔ መኖሬን ንገራት።»

ሊዲያ ስልኩን ስታነሣ ከጀርባዋ የሰው ድምፅና የሚገፋ አልጋ ይሰማል። አታት ሆስፒታል ነርስ ናት። ሙባሪክ እየተንተባተበ ማን አጠገቡ እንዳለች ነገራት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች ሊዲያ።

«አመሰግናለሁ እህቴ። ስለ ቀብዱ ነው የምጠይቅሽ። ወደ እኛ ሠርግ እንዲዛወር ተስማምተሻል?»

«የቱ ቀብድ? ዮናታን እኮ "ልጁ አልመልስም አለ፣ ተበልቷል" ብሎ ነግሮኛል። እኔም ሙባሪክን ስረግመው ነው የከረምኩት።» ሳል የሚመስል አጭር ሳቅ ሳቀች። «ይቅር በለኝ ሙባሪክ።»

ሙባሪክ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ለምን ተለያያችሁ?» አለች ፍሬሕይወት። ልትጠይቅ አላሰበችም ነበር።

«እሱን ከሱ ብትሰሚው ይሻላል። እኔ ብነግርሽ የተጣላ ሰው ወሬ ይመስልሻል» አለች ሊዲያ። «ሥራ ላይ ነኝ፤ ቻው እሺ?»

የዮናታን ሱቅ ከዚያ በባጃጅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ፊልትሮና ቀበቶ በተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆሞ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር አገኘችው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ መብራቱ እውነተኛ ነበር፣ ያም ነው የከበዳት። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቀች።

«ሊዲያን አነጋገርኳት» አለችው።

ዮናታን ጨርቅ አንሥቶ እጁን ጠረገ፤ እጁ ላይ ዘይት አልነበረም። «ልነግርሽ ነበር። ጊዜ እየፈለግሁ ነው እንጂ...»

«ስለ እሷ አይደለም። ለእሷ ተበልቷል አልካት። ለሙባሪክ ተስማምታለች አልከው። ለእኔ ከእጄ ከፈልኩ አልከኝ።»

«ፍሬ፣ ዐሥራ ስምንት ሺህ ብር ነው እኮ! ዝም ብሎ ይቃጠል? ለማን ብዬ ነው? ለእኛው አይደል? ብትፈልጊ ነገ እልክላታለሁ፤ አሁን፣ እዚሁ ፊትሽ!» ስልኩን አወጣ።

«ላክላት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ደብዳቤውን ራሴ ባላስልከው ኖሮ ቅዳሜ ምን ዓይነት ደብዳቤ ታሳየኝ ነበር?»

መልስ ፈልጎ ወደ መደርደሪያው አየ። ሲፈልግ አየችው። የሚፈልገው እውነቱን ሳይሆን ለእሷ የሚስማማውን እንደሆነ ከፊቱ አነበበች፤ ተማሪ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የመምህሩን ዓይን እያየ መልስ እንደሚገምተው።

«ያቺን መስመር... አያስፈልግሽም ብዬ አስወጣት ነበር» አለ። «እንዳትጨነቂ ብዬ።»

«እሺ» አለች።

«እሺ ማለት?»

«ሰማሁህ ማለት ነው።»

ቡታጅራ ስትደርስ ጀንበር አልጠለቀችም ነበር። እናቷ ግቢው ውስጥ ለሠርጉ የተገዛውን በርበሬ ሸራ ላይ አስጥተው ጭራውን እየቀነጠሱ ነው። ፍሬሕይወት ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ወይዘሮ ተናኘወርቅ አላቋረጧትም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው ሲናገር እጃቸውን ሥራ ላይ አድርገው መስማት ለምደዋል።

«ብሩን ይመልሳል ብለሻል» አሉ ስትጨርስ።

«ይመልሳል እማዬ። ይህንን አልጠራጠርም።»

«ታዲያ?»

«ከዛሬ በኋላ የሚነግረኝን ሁሉ ሌላ ሰው ጠይቄ ላረጋግጥ ነው? ስንት ዓመት?»

እናቷ አንድ በርበሬ በጣታቸው መሐል አዟዟሩት። ሰው ተጠርቷል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ እህል ተገዝቷል። ይህን ሁሉ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ፍሬሕይወትም እስኪሉ ጠበቀች።

«ሠርጉ እንዲቀር ሽማግሌዎቹን ልጥራ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልካቸውን ከደረታቸው አወጡ። «ከሽማግሌዎቹ አቶ ዱባለን ላስቀድም» አሉ ቁጥሩን እየፈለጉ። «እሱ ሳይጮህ ይሰማል። አንቺ ግን ግቢና ፊትሽን ታጠቢ፤ ራስሽ ነሽ የምትነግሪው።»