አራተኛው ክፍያ

ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ የሰው ገንዘብ እጇ ላይ አሳድራ አታውቅም። ለሦስት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም እንድትሰፋ ትእዛዝ ስታገኝ ግን የድሮዋ መኪናዋ እንደማትችለው ገባት። ባለሞተር የስፌት መኪና ከኢንተርኔት ገበያ መርጣ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ቅድሚያ ከፍላ፣ የቀረውን ሠላሳ ስድስት ሺህ በስድስት ወር ልትጨርስ ተዋዋለች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ስድስት ሺህ። ሻጩ ድርጅት ዋስ አምጪ ሲላት የታላቅ እህቷ ባል፣ መምህሩ፣ «ለአንቺ ዋስ ያልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?» ብሎ ፈረመላት።

በድርጅቱ አፕ ላይ ስድስቱ ክፍያዎች በተርታ ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አረንጓዴ ሆነው «ተከፍሏል» ይላሉ። አራተኛውን ቀኑ ሳይደርስ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ጨርቅ እየቆረጠች በስልኳ ከባንክ ላከች። በአሥራ አንደኛው ቀን አፑን ስትከፍት አራተኛው መስመር ቀይ ሆኗል። «ዘግይቷል፤ መቀጫ ሦስት መቶ» ይላል።

ደወለች። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጠች በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች።

«ከፍያለሁ እኮ! የባንኩ መልእክት እጄ ላይ አለ።»

«እኛ ጋ አልገባም፣ እህቴ። ይጣራልዎታል። የሚቀጥለውን ሲከፍሉ የትእዛዝ ቁጥሩን በትክክል ይጻፉ» አለችና ቁጥሩን አነበበችላት።

«ይጣራል» የተባለው ነገር ሳይጣራ ወሩ አለቀ። አራት ጊዜ ደወለች፤ አራቱንም ጊዜ ሌላ ሰው አነሳ፤ ለአራቱም ከአንድ ጀምራ ተረከች። አምስተኛውን ክፍያ በቀኑ፣ የተነበበላትን ቁጥር ጽፋ ላከች። አሁንስ ይስተካከላል ብላ ከቀናት በኋላ አፑን ብትከፍት አምስተኛውም ቀልቷል። አራተኛው ደግሞ «በከፊል ተከፍሏል፤ ቀሪ ሦስት መቶ» ይላል።

«ይሄ ምን ዓይነት ሂሳብ ነው?» ብላ ጮኸች፣ በባዶ ቤት።

በስድስተኛው ወር፣ በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የመጨረሻውን ልትከፍል አፑን ከፈተች። መክፈያው ተዘግቷል። «አራተኛው ክፍያ ስድሳ ቀን ስላለፈው ውሉ ተቋርጧል። ቀሪው አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ በአንድ ጊዜ ይከፈል። ለዋስዎ ተነግሯል።»

ይህን አንብባ ሳትጨርስ እህቷ ደወለች።

«ምነው፣ ምን በደልንሽ?»

«እትዬ፣ ከፍያለሁ!»

«ከከፈልሽ ለምን ባለቤቴ ስልክ ላይ ‹ዋስ የሆኑለት ሰው ዕዳውን አልከፈለም› ይላል? የቁጠባ ማኅበሩ ለጣሪያው ብድር ሊሰጠው ዛሬ ቀጥሮት ነበር። የባለዕዳዎች መዝገብ ላይ ስሙን አይተው መለሱት። ሃያ ዓመት ካስተማራቸው ልጆች አንዱ ነው የመለሰው፤ አፍሮ ቁጭ ብሏል።»

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ታክሲ ያዘች።

የድርጅቱ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው የክትትል ሠራተኛ ስክሪኗን አይታ፣ «ሲስተሙ የሚለው ይሄንን ነው» አለች።

«ሲስተሙ አይደለም የከፈለው፣ እኔ ነኝ!» ድምጿ አመለጣት። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞሩ። «ስድስት ሺህ ልኬ ሦስት መቶ ጎደለሽ የምባለው በየት አገር ሂሳብ ነው?»

ልጅቷ ተቆጥታ ሳይሆን ሰልችቷት አስረዳቻት። የሚገባ ገንዘብ መጀመሪያ መቀጫ ይዘጋል፤ የተረፈው ወደ ቆየው ክፍያ ይሄዳል። ለአምስተኛው ብላ ከላከችው ስድስት ሺህ ሦስት መቶው ለመቀጫ፣ አምስት ሺህ ሰባት መቶው ለአራተኛው ሄደ። አራተኛው በሦስት መቶ ጎደለ፤ አምስተኛው ምንም አልደረሰውም፤ ስለዚህ እሱም ዘገየና ሌላ ሦስት መቶ ተጨመረበት።

«እና በሦስት መቶ ነው ውሌን ያፈረሳችሁት?»

«ሲስተሙ ጎደሎ መሆኑን እንጂ ስንት እንደጎደለ አያይም።»

«እሺ፣ ለአራተኛው የላክኩት ስድስት ሺህስ የት ገባ? ንገሪኝና ልሂድ። እስከዚያ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

አልተነሳችም። ምሳ ሰዓት ሆነ፤ ወረፋው ተበተነ፤ እሷ ቁጭ። በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ተነስታ ከውስጥ አንድ መነጽራም ሂሳብ ሠራተኛ ጠርታ መጣች። ሰውየው የባንኩን መልእክት ከስልኳ ላይ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

«እህቴ፣ ‹ምክንያት› በሚለው ቦታ ላይ የጻፉት የትእዛዝ ቁጥር የዚህ መኪና አይደለም። ከዚህ በፊት ከእኛ የገዙት ነገር አለ?»

«ካውያ። አምና። እሱን ያኔውኑ ከፍዬ ጨርሻለሁ።»

አለችና ትዝ አላት። ያን ቀን እጇ ላይ መቀስ ነበር፤ ቁጥሩን ከውሉ ላይ እንደ ሌላው ጊዜ አልገለበጠችም፤ ስልኩ ያስታወሰላትን ነክታ ላከች።

ሰውየው የካውያውን ሂሳብ ከፈተ። የተዘጋ ሂሳብ ነው፤ ከሥሩ ግን ስድስት ሺህ ትርፍ ተንጠልጥሏል። የገባበት ቀን፣ የዛሬ ሁለት ወር፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው።

«ጥፋቱ የእኔ ነዋ» አለች በቀስታ።

«የቁጥሩ ጥፋት የእርስዎ ነው» አለ ሰውየው። «ግን ዕዳ የሌለበት ሂሳብ ውስጥ ሁለት ወር ሲቀመጥ ማንም ‹ይሄ የማን ነው?› አላለም። እሱ የእኛ ነው።»

«አምስት ጊዜ ደውያለሁ።»

«የሚያነሱት የሚያዩት የመኪናውን ትእዛዝ ብቻ ነው።» ወደ ክትትል ሠራተኛዋ ዞር አለ። እሷ ጠረጴዛውን ታይ ነበር።

ገንዘቡን ወደ መኪናው ሂሳብ፣ በገባበት በሦስተኛው ቀን፣ አዛወረው። ሁለቱ መቀጫዎች ተሰረዙ። አራተኛው አረንጓዴ ሆነ፤ አምስተኛውም ተከትሎ። የቀረው ስድስተኛው ብቻ ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብላ፣ ቁጥሩን በጣቷ እያስከተለች ሦስት ጊዜ አንብባ፣ ላከች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ሆኑ። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ እንባዋ መጣ እንጂ ደስታ አልመጣም።

«አሁን የዋሴን ስም ከመዝገቡ አውጡልኝ።»

«ማስተካከያውን ዛሬ እንልካለን። መዝገቡ ላይ እስኪነሳ ግን እስከ አሥር ቀን ይወስዳል።»

«ሲያስገቡት በአንድ ጠዋት፣ ሲያወጡት በአሥር ቀን?»

ሰውየው ሥራ አስኪያጁን አስፈርሞ፣ ማኅተም አስመትቶ ደብዳቤ ሰጣት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። መምህሩ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው። «‹ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ›» አለ፤ «መጉላላት ነው ያሉት?»

«ጋሼ፣ ቁጥሩን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እነሱም ገንዘቡን አላፈላለጉትም እንጂ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ለማኅበሩ አብሬህ ሄጄ ልንገራቸው?»

«ማኅበሩ ሰነድ የሚቀበለው እስከ ነገ ወዲያ ነው። ስሜ እስኪጸዳ ያልፋል። የሚቀጥለው ዙር ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«ከሦስት ወር በኋላ ክረምት ነው» አለች እህቷ ከጓዳ።

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን አንስታ ልትወጣ ስትል መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

«ደብዳቤውን ለነገ ጠዋት አኑሪልኝ። አብረን እንሂድ፤ ቢመልሱንም ያ ያስተማርኩት ልጅ ከአፍሽ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።»

እህቷ ከጓዳ አልወጣችም። ከዚያው ሆና ግን፣ «ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ፣ እንዳትዘገዪ» አለች።