ስሩ ብቅ ሲል

ከሰሌ ጸጉር ቤቱ ወንበር ላይ ገና ሳትደላደል «ስሩን ብቻ ቀለም ነካ ነካ አድርጊልኝና ልሂድ» አለች። ከሰሌ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችላት እናቷ ናት፤ በልጅነቷ ጸጉሯ ከሰል ይመስል ነበርና። ዛሬ ሃምሳውን ተሻግራለች፤ ከሰሉም አመድ ከሆነ ቆይቷል።

ጸጉር ሠሪዋ በማበጠሪያው ጭራ መሐሉን ከፈል አድርጋ አየችና እጇን ሰበሰበች። ቆዳው ቀልቷል፤ ከጆሮዋ በላይ ደግሞ ተልጧል።

«ቤት ቀባሽው?»

«ትንሽ። ባለፈው ሳምንት።»

«ከዚያስ በፊት?»

«ከዚያ በፊት በነበረውም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? ይሄ እኮ የሰው ቆዳ ነው፣ አጥር አይደለም በየሳምንቱ የሚቀባው! ቢያጥር አንድ ወር፣ ደግ ሲሆን ስድስት ሳምንት ብዬሽ አልነበረም?»

«ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ብቅ ይላል!»

«ብቅ ይበላ! ጸጉር ያድጋል፣ ምን ይሁን? ጥቁር ላይ ነጭ ቶሎ ይታያል። በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን እኔ ቀለም አላስነካም። ይዳን፤ ሲድን መጀመሪያ ከጆሮሽ ኋላ ቀለሙን ጠብ አድርገን ሁለት ቀን እናያለን። ካሳከከሽ ጭራሽ እንተወዋለን።»

ከሰሌ አንገቷን ደፋች። ልቅሶዋ መጣ፤ በዚህ ዕድሜ ለጸጉር ማልቀስ አሳፈራት። ግን ለጸጉር አልነበረም።

እናቷ አልጋ ከያዘች ከርማለች። አእምሮዋ እየሄደ ሲመለስ፣ ልጇን የምታውቃት በጥቁር ጸጉሯ ብቻ ሆነ። ከሰሌ ልታበላት ጎንበስ ስትል መሐል አናቷ እናቷ ዓይን ሥር ይወድቃል። እዚያ ነጩ ብቅ ካለ አለቀ፤ በእናቷ ዓይን ልጅነቷ ቀርቶ የእናቷ አማት ትሆናለች። ያቺ አማት ከሞተች ዘመናት አልፈዋል፣ የእናቷ ፍርሃት ግን አብሯት አልተቀበረም። እናት ጥርሷን ትነክሳለች፤ እህል የለ፣ መድኃኒት የለ። ሻሽ ብታስርም አልሆነም፤ «የደበቀችው ነገር አላት» ብላ ትጮኻለች።

ከሰሌ ይህን ሁሉ ነገረቻት። ጸጉር ሠሪዋ መሐሉ ላይ የነበረውን የጸጉሯን መክፈያ ወደ ጎን አዙራ፣ ቀጥ ያለ መስመር እንዳይሆን ወዲያና ወዲህ አጣመመችው፤ ነጩ በጥቁሩ መሐል ጠፋ ጠፋ አለ። የቀረውን፣ የተላጠውን ሳትነካ፣ በጥቁር የጸጉር ዱቄት ሸፈነችላት።

«ይህ እስክትታጠቢ ያቆይሻል። ውሃና ላብ አይወድም። እስኪድን እንዲህ እንዲህ እያልን እናዘግማለን፣ እህቴ። ሌላ መላ የለኝም።»

ከሰሌ ደስ ብሏት ወጣች። ቤት ደርሳ ሾርባውን አሙቃ፣ ትራሱን ደግፋ፣ ማንኪያውን ይዛ ጎንበስ አለች።

«ከሰሌ» አለች እናቷ፤ አፏንም ከፈተች።

አንድ ማንኪያ፣ ሁለት ማንኪያ። ሾርባው ይተንናል፤ ክፍሉ የታፈነ ነው። ከሰሌ በደስታ ስለተዋጠች ግንባሯ ማላቡን ልብ ሳትል በእጇ ጀርባ ጠረገችው። እጇን ስታየው ጥቁር ነው። ዱቄቱ በቅንድቧ ላይ ወርዶ ሾርባው ውስጥ ጠብ አለ።

እናት አፏን ዘጋች። ዓይኗ ወደ ልጇ አናት ወጣ፤ እዚያ ቆየ። ከሰሌ ጩኸቱን ጠበቀች። ሳህኑን አስቀምጣ አቀረቀረች፤ እንባዋና ጥቁሩ ላብ አብረው ጉንጯ ላይ ወረዱ።

ጩኸቱ አልመጣም። አጥንት ብቻ የቀረው እጅ የአንሶላውን ጫፍ ይዞ መጣና ግንባሯን ጠረገላት፤ አፍንጫዋን፣ ጉንጯን፣ ሕፃን እንደሚጠረግ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የተጨማለቅሽው? እናት የለሽም እንዴ?»

«አለችኝ» አለች ከሰሌ።

«ታዲያ እንዲህ ሆነሽ እያየች ዝም ትላለች? ሸብተሽ የለም እንዴ፣ ምስኪን!» እናት አንሶላውን ለቀቀች። «ግድ የለሽም፣ ልጄ ስትመጣ ትቀባሻለች። የእሷ ጸጉር ከሰል ነው።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

እናት አሰበች። «አንዳንዴ ቶሎ ትመጣለች። አንዳንዴ ትቆያለች። መምጣቷን ግን አትተውም።»

ከሰሌ የጠቆረውን ሾርባ ደፍታ ሌላ ቀድታ ተመለሰች። የተላጠው ቆዳዋ ያቃጥላታል። ቆዳው እስኪድን፣ ከዚያም በላይ፣ ምናልባትም ለዘለዓለም ለእናቷ ልጇ አትሆንም። ማንኪያውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ ጎንበስ ለማለት ፈራች።

«ነይ እንጂ» አለቻት እናቷ። «እሷ እስክትመጣ አንቺ አብዪኝ።»