ጸሐይዋ እስከ አራት ሰዓት ነው

ሥራዬ ለሽያጭ ለሚቀርቡ ቤቶች የቪዲዮ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ገጹን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ በግራ ካሜራው የሚሄድበትን፣ በቀኝ የሚነበበውን። ከአንድ ቤት ውስጥ ገዢ የሚስቡ ሦስት ነገሮች ብቻ እመርጣለሁ። አራተኛ ከጨመርኩ ተመልካቹ አንዱንም አይዝም።

አንድ ባለ ፎቅ ቤት ልንቀርጽ ስንሄድ ቁልፉን የሰጠችን የባለቤቱ ልጅ ናት። በር ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አባቴ ቤቱ እንደሚሸጥ አያውቅም" አለችኝ። "ለማስታወሻ ይቀረጻል ብዬዋለሁ። አደራሽን እህቴ፣ እንዳያመልጥሽ።"

አባቷ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከታች ባለችው የጓሮ ክፍል ተኝተዋል። ልጅየዋ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው የምትኖረው፤ ከሥራ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ ልጆቿ ስትሮጥ ዓይኗ ጎድጉዷል። ቤቱን ሸጣ ልትወስዳቸው ነው።

ካሜራማናችንን "ቀስ በቀስ" እንለዋለን። ሲበላም ሲያወራም አይቸኩልም። ካሜራ ይዞ ሲራመድ ግን ይሄው ጠባዩ ወርቅ ነው፤ ምስሉ አይንቀጠቀጥም።

መንገዱን የጻፍኩት እንዲህ ነበር። ካሜራው በደረት ቁመት ከውጭ ይገባል፣ ሳሎኑን ሳይቆም ያልፋል፣ ደረጃው ጋ አምስት ሰከንድ ቆሞ መደገፊያውን በቅርብ ያሳያል። ያለ ሚስማር በእጅ የተገጠመ ነው፤ የመጀመሪያው ነገር እሱ። ላይ ወጥቶ መኝታ ቤቶቹን ቃኘት አድርጎ ይወርዳል። ሁለተኛው የወጥ ቤቱ ሰፊ መስኮት። ሦስተኛው ከሁለት ወገን ብርሃን የሚገባላት የአባትየው ክፍል። ሰው ቪዲዮውን ሲጨርስ በዓይኑ የሚቀረው የመጨረሻው ስለሆነ እሷን ለመጨረሻ አስቀመጥኳት።

አልጋቸውን አነጠፍን፣ መድኃኒቱን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ ከተትን፣ እሳቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ሳሎን አምጥተን ካሜራው የማይዞርበት ጥግ አስቀመጥናቸው።

ከመቅረጻችን በፊት መንገዱን እየተራመድኩ ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ቃሉና እርምጃው እኩል እንዲያልቁ። ልማድ ሆኖብኝ ያንንም ቀን አነበብኩ። "ቀኑን ሙሉ ጸሐይ የማይለየው ይህ ክፍል አዲሶቹን ባለቤቶች ይጠብቃል።"

ምስጢሩ ከአፌ ካመለጠ በኋላ ነው የታወቀኝ።

"ልጄ" አሉ ከሳሎን። "እስቲ ወዲህ ነይ።"

ስሄድ ልጃቸው አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። "አባዬ፣ ልነግርህ ነበር…"

"ቆይ አንቺ።" ወደ እኔ ዞሩ። "ቀኑን ሙሉ ነው ያልሽው?"

"አዎ አባባ።"

"ማን ነገረሽ? ሦስት ዓመት እዚያ የተኛሁት እኔ ነኝ። ጎረቤት ፎቅ ከሠራ ወዲህ ጸሐይዋ እስከ አራት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ግድግዳ ነው የማየው። ሰው ገዝቶ ከገባ በኋላ ውሸታሞች ይበለን?"

"ይበለን" አሉ እንጂ "ይበላችሁ" አላሉም፤ ራሳቸውን ከእኛ ጋር ደመሩ። ልጅየዋ ያን ጊዜ ነው እንባዋን መያዝ ያቃታት። ወንበሩ ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። በደህናው እጃቸው ራሷን ደባበሱላት።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ክፍሏ እውነትም ደብዝዛለች፤ መብራት አብርቼ ላልፈው ነበር። "ቀኑን ሙሉ" የሚለውን ሰርዤ "ጠዋት ጠዋት" ብዬ ጻፍኩና ለነገ ተቀጣጠርን።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስንደርስ ጢማቸውን ተላጭተው ከልጃቸው ጋር ጠበቁን። በአንድ ጉዞ ቀርጸን ጨረስን። "ልየው" አሉ።

ቀስ በቀስ አጠገባቸው ተንበርክኮ ከካሜራው ትንሽ የማሳያ መስታወት አሳያቸው። ደረጃውን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምስሉ ወደ ላይ ሲወጣ ግን፣ "ቁም!" አሉ። "የኛ መኝታ ናት። መልሰው እስቲ።"

ባለቤታቸው የሞቱት እዚያ ክፍል ነው። እሳቸው ራሳቸው ከታመሙ ወዲህ ደረጃውን አልወጡም። መለሰላቸው፤ ስድስት ሰከንድ ብቻ ነው። ስድስት ይበቃል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ቀስ በቀስ ካሜራውን አንስቶ ተመልሶ ወጣ። ወረቀቴን አልጠየቀኝም። ቆይቶ ሲወርድ የቀረጸው ረጅም ነበር፤ አልጋው፣ መጋረጃው፣ በሩ ገርበብ ያለው ቁም ሣጥን፣ ውስጡ የተሰቀሉት የሴት ቀሚሶች። ሽማግሌው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ።

"ልብሷን አላነሳሽውም?"

"አንተ ሳትነግረኝ እንዴት ብዬ አነሳዋለሁ አባዬ?"

ጣታቸውን ከመስታወቱ አነሱ። "አሁን አንሺው" አሉ።

ቤቱ በአምስት ሳምንት ተሸጠ። ገዢዎቹ የጠዋቷን ጸሐይ በዓይናቸው ለማየት በሦስት ሰዓት መጥተው ነበር፤ ልክ ሆኖ አገኙት። አባትየው ልጃቸው ጋ አንድ ወር ከአሥር ቀን ኖረው አረፉ። ደውላ የነገረችኝ እሷው ናት።

"ስለ ቤቱ አንድም ቀን አላነሳም" አለችኝ። "እኔ ግን አስቀድሜ ብነግረው ኖሮ እያልኩ…"

አልጨረሰችውም። እኔም ቀስ በቀስ ከላይ መኝታ ቤት የቀረጸውን ረጅሙን ምስል ፈልጌ ያን ማታ ላኩላት።