የመስኮቱ ወንበር

መስታወቱ ከናዝሬት በሚኒባስ ጣሪያ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከመጣ ሦስት ወር አልፎታል። ከቱፋ አልጋ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ያዞረችው ሚስቱ ጠጂቱ ናት። «ሱቃችን ሲከፈት አብረን እናየዋለን» ብላ።

ቱፋ ፀጉር አስተካካይ ነው። አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ባለው የጋሼ ገብረ መድህን ፀጉር ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ተከራይቶ ሲሠራ ስምንት ዓመቱ ነው። መቀሱ፣ የእጅ ቶንዶሱና ምላጩ የራሱ ናቸው፤ ወንበሩና ትንሿ መስታወት የሽማግሌው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኪራዩን በእጃቸው ያስጨብጣቸዋል፤ እሳቸውም ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ይከቱታል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጺም አይላጩም። የሕፃናት ጭንቅላት ብቻ ይላጫሉ፣ እሱንም በቶንዶስ። የሚኖሩት በቱፋ ወንበር ኪራይ ነው። ሁለቱም ያውቁታል፣ አንድም ቀን አላነሱትም።

የገበያ ቀን ነበር። ከሳጉሬ የመጡ ገበሬዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ አሳምነው ግን ተራ አያውቅም፤ ገብቶ በቀጥታ የቱፋ ወንበር ላይ ተዘርግቷል።

«ቀስ በል፣ አብዮታዊ አንገት ነው» አለ፣ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ።

«ምላጩ አያውቅማ ጓድ» አለ ቱፋ። አግዳሚው ሳቀ።

«ስማ እንጂ። ከሆስፒታሉ በታች አንድ ክፍል ተለቋል። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዋናው መንገድ ላይ የተዘጋ በር እንዳናይ ተብለናል። ሰኞ ማመልከቻ ይዘህ ና። እንዳንተ ያለ እጅ በሰው ወንበር ላይ እስከ መቼ?»

የጋሼ ገብረ መድህን ቶንዶስ ቆመ። ከፊታቸው የተቀመጠው ሕፃን ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ቶንዶሱ እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

ማታ ጠጂቱ ነገሩን እንደ ሰማች ብድግ አለች።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ቱፋ የሚጠብቀውን ነገራት። ብቻውን ሲሆን የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ሱቁ ይዘጋል፤ አሁን ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይጠብቃል። መናኸሪያው ሰው ያመጣል፤ ከሆስፒታሉ በታች የሚያልፈው ግን ወይ ታማሚ ነው ወይ አስታማሚ፣ ጺሙ ትዝ የማይለው። ፈቃድ አለ፣ ግብር አለ፣ መዋጮ አለ።

«ደንበኛው የሚመጣው ለእጅህ ነው፣ ለመናኸሪያው አይደለም» አለች። «የፈራኸውን ንገረኝ።»

የፈራው ስሙን ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ቀበሌው የንግድ ቤቶቹን ሲመዘግብ፣ ቤት ተከራይቶ ለሌላ ሰው ቆርሶ ማከራየት ክልክል መሆኑ ተነገረ። የተገኘበት ቤቱን ይነጠቃል። ቤተሰብ ቢያግዝ ግን አይከለከልም። ጸሐፊው ደብተሩን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም ጋሼ ገብረ መድህን ደንግጠው «የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። ሮቤ ላይ የሞተ ወልደ ሚካኤል የሚባል ወንድም ነበራቸው፤ ጸሐፊውም «ቱፋ ወልደ ሚካኤል» ብሎ ጻፈ። በዚያው መዝገብ የመታወቂያ ደብተር ወጣለት።

«የእህት ልጅ ቢሉኝ ምን ነበር? ያባቴ ስም በቀረልኝ» ብሏቸው ነበር ያን ቀን ማታ።

«እህት የለኝማ ልጄ። ይህን አሰላ በሙሉ ያውቃል።»

የቱፋ አባት ደበላ ይባላሉ። ሳጉሬ አጠገብ ገብስ ያርሳሉ። ቱፋ ባለፈው ፋሲካ ቃል ገብቶላቸዋል፦ ሱቅ ሲከፍት በሩ ላይ «ቱፋ ደበላ» ብሎ ያጽፋል። ማንበብ ስለማይችሉ ቆርቆሮው ላይ በጣታቸው እንዲያሳያቸው ጠይቀውት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን ኪሱ ከትቶ ወደ ፀጉር ቤቱ ጎራ አለ። ሽማግሌው ወለሉን እየጠረጉ ነበር።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው።»

«ሂድ እንጂ። ከጠየቁህ እውነቱን ንገራቸው። ተከራይ ነው በል።»

«ቤቱን ይነጥቁዎታል እኮ።»

«እኔ ምን ቀረኝ ብለህ ነው?» አሉና መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ተንሸራቶ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ ሲሉ እጃቸው ሁለት ጊዜ ሳተው። ቱፋ አንስቶ ሰጣቸው።

«አትሂድ» ብለውት ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጓድ አሳምነው ማመልከቻውን አነበበ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ።

«ቱፋ ወልደ ሚካኤል። ለካ ከጋሽ ገብረ መድህን ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው የተመዘገብከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አይሆንም። ለአንድ ቤተሰብ ሁለት የንግድ ቤት አንሰጥም።» መዝገቡን ሊዘጋ ብሎ ተወው። «ሰው ግን ያወራል። ዘመድ አይደለም፣ ወንበር ተከራይቶ ነው ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ እዚህ ጻፍልኝ። የሚጠየቀው አከራዩ ነው፣ አንተን ማንም አይነካህም። ቁልፉን ዛሬውኑ ትወስዳለህ።»

«የሳቸው ቤትስ?»

«ይታሸጋል፤ ለሌላ ይሰጣል።»

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ታስራበታለች። ወረቀቱም ነበር፣ ብዕሩም። ቱፋ ብዕሩን አነሳው። ጫፉን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ። መጥረጊያውን ሁለት ጊዜ የሳተው እጅ ታየው።

«ምናቸው ነህ? ተናገር እንጂ ሰውዬ።»

«የወንድማቸው ልጅ ነኝ።»

አሳምነው መዝገቡን ዘጋ። «እንግዲያው እንደ ወንድም ልጅ ኑር» አለ።

ጠጂቱ ማታ ነገሩን ሰማች። መስታወቱን ከአልጋው ጀርባ ጎትታ አወጣችና «ቤት ውስጥ አልፈልገውም» አለች። ቱፋም ፀጉር ቤቱ ወስዶ ከመስኮቱ ወንበር ፊት ለፊት ሰቀለው። ለዚያ ግድግዳ በዛ። ትንሿ መስታወት የደንበኛውን ፊት ብቻ ነበር የምታሳየው። አዲሱ ግን አግዳሚውን፣ መንገዱን፣ ከኋላው ያለውን በር ሳይቀር ሰብስቦ ያሳየዋል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና ወደ ቶንዶሳቸው ተመለሱ። ቅዳሜ ኪራዩን ሲሰጣቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጠሩትና እኩሌታውን መለሱለት። አልቀበልም አለ። ብሩ ሁለቱ ወንበሮች መሐል መደርደሪያው ላይ ዋለ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደበላ መጡ። ጋቢያቸው ላይ የገብስ ብናኝ አለ። በሩ ላይ ቆመው ቀና ብለው ከበሩ በላይ ስሙን ፈለጉ፤ ቆርቆሮ የለም። ገብተው የመስኮቱ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ቱፋ ኮ፣ የኔ ቱፋ፣ ስሙ የታለ?» አሉ በቀስታ።

«ትንሽ ይቆያል አባባ» አለ፣ ነጩን ጨርቅ አንገታቸው ላይ እያሰረ። ጺማቸውን በሳሙና አረጠበ። ምላጩን ገና ጉንጫቸው ላይ ሲያሳርፍ በመስታወቱ ውስጥ በሩ ሲከፈት አየ። ጓድ አሳምነው ነው። ዛሬ ተራ ሊጠብቅ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን አነባበረ፣ ደበላን በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ አያቸው።

«አፍንጫችሁ ቁርጥ አንድ ነው» አለ። «እኚህ አባት ምንህ ናቸው?»

የጋሼ ገብረ መድህን ቶንዶስ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ የሽማግሌው ዓይን፣ ያባቱ ዓይንና የአሳምነው ዓይን ሁሉም ቱፋ ላይ ናቸው።

«ደንበኛ ናቸው» አለ ቱፋ።

ደበላ ምላጩ ስር አልተንቀሳቀሱም። አማርኛ ይሰማሉ። ተላጭተው ሲያበቁ ጨርቁን ራሳቸው ፈቱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ከመቀነታቸው ሳንቲም አወጡ።

«ስንት ነው ጌታዬ?»

አሳምነው ያያል። ቱፋ መዳፉን ዘረጋ። አባቱ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ አስቀመጡለት፣ ሌላው ደንበኛ ከሚከፍለው አላነሰም፣ አልበለጠም።

«ገለቶሚ» ብለው በኦሮምኛ አመስግነው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ቱፋ ዞሮ አላየም። መስታወቱ አሳየው።

«ተራዬ ነው?» አለ አሳምነው።

ቱፋ ወንበሩን ጠረገ።